ፎቶና "ሐሳብ?" ብቻ ሲመጣ፦ እንጠይቅ ወይስ እንገምት?

ጥያቄው (ከአርሲ)፦ ቢጫ ነገር ያለበት የስንዴ ቅጠል ፎቶ ተላከልን። ከሥሩ "ሐሳብ?" ብቻ ተጽፏል። እንዲህ ሲመጣ መጀመሪያ እንጠይቅ ወይስ የመሰለንን እንናገር?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ባሌ፦ የመሰለንን እንናገር። ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ጊዜ አይሰጥም። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ኩብሳ በሚባለው የስንዴ ዝርያ ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው "እስቲ ዝርዝሩን ላክልኝ" ብሎ አይቀመጥም። ዋግ ነው፣ ይረጭ፤ አለቀ።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ጊዜ አይሰጥም ያልከው እውነት ነው። ግን ቢጫ ቅጠል ሁሉ ዋግ አይደለም። ናይትሮጅን ያነሰው ስንዴም ቢጫ ይሆናል። እሱ ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ይጀምራል፤ ጫፉ ቀድሞ ይገረጣል። ዋጉ ደግሞ ብናኝ ያወጣል፤ ባደገ ተክል ላይ ብናኙ በቅጠሉ ርዝመት በመስመር ይሰለፋል። ቡቃያ ላይ ግን አይሰለፍም፤ ፎቶ የሚያሳስተን እዚያ ነው። ዋግ ሆኖ ሳለ "ዩሪያ ጨምር" ብንለው በሽታውን እናግዛለን። እጥረት ሆኖ "ርጭ" ብንለው ገንዘቡ ይሄዳል፣ ቢጫውም ይቀራል።

ሌላ አባል፦ ችግሩ ፎቶው ነው። የቀትር ፀሐይ ቀለም ያሳስታል። ጥላ አድርጎበት ያንሣው።

ባለሙያዋ፦ ጥሩ ነው፤ ግን ብናኙን ጥላም አያረጋግጥልንም። እኔ ግምቱንና አንድ ጥያቄ አብሬ እልካለሁ። "ቢጫ ዋግ ይመስለኛል። ቅጠሉን በነጭ ጨርቅ እሸው። ቢጫ ዱቄት ከቀረበት ዛሬውኑ ደውል። ካልቀረበት የታችኞቹን ቅጠሎች ፎቶ ላክ።" ዝርያውን፣ የተዘራበትን ቀን፣ የማዳበሪያውን መጠን ባንድ ጊዜ ብጠይቀው ዝም ይላል። መልሱ ሥራውን የሚቀይረውን ብቻ ነው የምጠይቀው።

ከሪያድ፦ ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ። ማሳው የወንድሜ ነው። እሱ ኔትወርክ የሚያገኘው ለገበያ ሲወጣ ብቻ ነው። "እሸው" ብትሉኝ መልሱ እስከ ቅዳሜ አይመጣም። እኔ የማውቀው እሸት መያዙን ነው።

የባሌው፦ ይኸው! ይቺ "ጠይቅ" ያላችሁት ስንት ቀን ትበላለች? እኔ ቲልት የሚባለውን የዋግ መድኃኒት ይግዛ እላለሁ።

ባለሙያዋ፦ እሸት መያዙን መናገርህ ብዙ ረድቶናል፣ ወንድሜ። አሁን ቡቃያ አይደለም፤ ስለዚህ በፎቶው ላይ የሚታየው መስመር ወደ ዋግ ያደላል። ግን ፍሬው እየጠነከረ ከሆነ መርጨቱ ወጪውን ላይመልስ ይችላል። እሸቱን ሲጫኑት ወተት ይወጣዋል ወይስ ደርቋል? ሰፈሩ ካለ ሰው ጋር በስልክ ብታገኘው ይሻላል።

የባሌው፦ ወተትም ይሁን ሊጥ፣ እስኪታወቅ ዋጉ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። መድኃኒቱ ቢያንስ ቤቱ ይግባ። ርጭቱን ለቅዳሜ ያቆየው።

ባለሙያዋ፦ መግዛቱን አልቃወምም። የመድኃኒት ስም ግን ብናኙን ሳላረጋግጥ አልጽፍም።