ክርክር፦ የሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የመዋቅሩ ስም ነው ወይስ ሰው የሚፈልገው?

ጠያቂ (የሰው ኃይል ክፍል)
ሳሙናና ዘይት የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ የምቀጥረው እኔ ነኝ። አማካሪዎች በሠሩልን አዲስ መዋቅር ላይ፣ በመኪና ከሱቅ ሱቅ እየዞረ የሚሸጠው ሠራተኛ `Customer Value Executive I` ተብሏል። በዚሁ ስም በቴሌግራምና በሥራ ድረ ገጽ አወጣነው። ያመለከቱት ባብዛኛው የባንክ ደንበኛ አገልግሎት ልጆችና ማስተርስ ያላቸው ናቸው። ሽያጭ የሚያውቅ በጣት የሚቆጠር ነው። ሥራ አስኪያጃችን ግን «ቦርድ ያጸደቀው ስም አይነካም፤ ሴልስ ካልን ደግሞ ደህና ሰው አይመጣም» ይላሉ። ማስታወቂያው ላይ ሌላ ስም ብንጽፍ ችግር አለው?

በቅጥር ያረጀ
እህቴ፣ እናንተ የምትፈልጉት ልጅ አሁን የሌላ ድርጅት መኪና ላይ ነው ያለው። ዕቃ እስኪራገፍ ቆሞ ስልኩን ሲያወጣ የሚጽፈው `sales` ነው፤ ቢበዛ `van sales`። «ከስተመር ቫልዩ» ብሎ ሥራ የሚፈልግ ሰው ካለ መዋቅሩን የሠራላችሁ አማካሪ ብቻ ነው።

የባንክ ልጆቹ ለምን እንደመጡም ከስሙ ይታያል። `customer` ብለው ሲፈልጉ እናንተን አገኙ። ማስተርስ ያላቸውን ደግሞ «ኤግዚኪዩቲቭ» የምትለዋ ጠራቻቸው። ሰዎቹ አልተሳሳቱም፤ የጠራችኋቸው እናንተ ናችሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ጠዋት ከመጋዘን ትጭናለህ፣ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለህ፣ ማታ ገንዘብ ታስረክባለህ፣ የጎደለው ባንተ ነው» ስትሏቸው ነው ሥራውን ያወቁት። ለቀጣዩ ዙር ቢጠፉ አይገርመኝም።

ቃሉን ለማግኘት ስብሰባ አያስፈልግም። አሁን መኪና ላይ ያሉትን ሠራተኞቻችሁን ጠይቂያቸው፤ ሥራ ሲፈልጉ ምን ብለው ነው የጻፉት? ከዚያ የጥሩዎቹን ሲቪ አውጪና ከእናንተ በፊት የነበሩበትን መደብ ስም ተመልከቺ። የተገኘውን ቃል ድረ ገጹ ላይ ራስሽ ጻፊውና የሚመጣው ሥራ የእናንተን ይመስል እንደሆነ እዪ። እኔ `Sales Executive` ብዬ ስሞክር የሚበዛብኝ ቤትና መኪና በኮሚሽን የሚያሻሽጥ ነው። ያ ሌላ ሰው ነው። `Van Sales` ስል ግን የውሃ፣ የለስላሳና የብስኩት አከፋፋዮች ይመጣሉ፤ ሰፈራችሁ እዚያ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

```
Sales Representative, Van Sales / የሽያጭ ሠራተኛ
```

የመዋቅሩን ስም ዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር ላይ አስገቢው፦ «በድርጅቱ መዋቅር እንዲህ ይባላል»። ቦርዱም አይቀየምም።

ቃለ መጠይቅ የሰለቸው
ስሙን ብታሳምሩትም ባታሳምሩትም ማስታወቂያው ለይስሙላ ነው፤ ሰው ተይዞ ነው የሚወጣው። እኔ በአካውንቲንግ ተመርቄ «ጁኒየር» የሚል አይቼ ባመለከትኩ ቁጥር ውስጡ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ጁኒየር ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?

በቅጥር ያረጀ
ወንድሜ፣ ዘመድ የሚቀጠርበት ቦታ መኖሩን አልክድም፤ እሷ ግን ሰው አጥታ ነው የጠየቀችው። የጁኒየሩ ነገር እውነት አለህ። ዝርዝሩ ሁለት ዓመት የሚል ከሆነ አርዕስቱ ላይ `Accountant` ብቻ ይበቃ ነበር። «ጁኒየር» ሲጨመርበት አዲስ ተመራቂ ሁሉ ያመለክትና ቀጣሪው አንድም ሳያነብ ይጥለዋል።

ጋሽ መዝገቡ
እኔ ብዙ ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። መደብ በተፈቀደለት መጠሪያ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ውጭ የወጣ ማስታወቂያ ይሰረዛል። በአንድ ስም አስታውቆ በሌላ ስም መቅጠር ሕገ ወጥ ነው። ልጄ፣ አለቃሽ ልክ ናቸው።

ሕግ ላይ ያለሁ
ጋሽ መዝገቡ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ እውነትዎን ነው። የእሷ ግን የግል ድርጅት ነው፤ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። አዋጁ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ ደመወዙን የሚፈልገው ውሉ ላይ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የመዋቅሩም ስም የሥራውም ዓይነት በግልጽ ይጻፍ፦ «የሽያጭ ሠራተኛ፣ በመዋቅሩ እንዲህ የሚባል»። ማስታወቂያው የሚያስጠይቀው ሰውየው ከተነገረው የተለየ ሥራ ላይ ሲመደብ ነው፤ አሁን ያለው ስም ለዚያ ይበልጥ የቀረበ ይመስለኛል።

ሠራተኛው ሲለቅ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃም ይታሰብ። አዋጁ ማስረጃው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን እንዲይዝ ያዛል። ማስረጃው «ከስተመር ቫልዩ ኤግዚኪዩቲቭ» ብቻ ካለ ቀጣዩ መሥሪያ ቤት «አግባብነት ያለው የሽያጭ ልምድ የለህም» ብሎ ሲመልሰው አይቻለሁ። ልጁ አራት ዓመት ሸጦ ልምድ አልባ ይሆናል።

ኮምዩኒኬሽን ነኝ
ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። እዚህ አገር «ሴልስ» ሲባል ቦርሳ ይዞ በር የሚያንኳኳ ነው የሚታሰበው። ልጁ ለቤተሰቡም፣ ነገ ሽማግሌ ሲልክም የሚናገረው ስም ይፈልጋል። ደመወዝ መጨመር ያልቻለ ድርጅት ስም ቢጨምር ምን ነውር አለው? እኛ ጋ «ኦፊሰር» ስንል የሚያመለክተው ሰው ይጨምራል።

የቀድሞ ቴሪቶሪ ማኔጀር
ነውሩን ልንገርህ። እኔ አንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ «ቴሪቶሪ ማኔጀር» ነበርኩ። በሥሬ ማንም የለም፤ መኪናዋን የምነዳው እኔ፣ ካርቶን የማወርደው እኔ። ቅዳሜ እስከ ማታ ሠርቼ የትርፍ ሰዓት ስጠይቅ «አንተ ማኔጀር ነህ፣ አይመለከትህም» ተባልኩ። ከዚያ ወጥቼ በዚያው ስም ትልቅ ቦታ አመለከትኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰው ትመራ ነበር?» የሚል ነበር፤ ቃለ መጠይቁ እዚያው አለቀ። ሱፐርቫይዘር ለሚል መደብ ሳመለክት ደግሞ «ማኔጀር ነበርክ፣ ደመወዙ አይመጥንህም» አሉኝ። ስሙን ለእናቴ ነግሬ ደስ ብሏታል፤ ያ ብቻ ነው ትርፉ።

ሕግ ላይ ያለሁ
የትርፍ ሰዓቱን ክደውህ ሊሆን ይችላል። አዋጁ የማይመለከተው የሥራ መሪን ነው። የሥራ መሪ ማለት ደግሞ የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሰው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው ነው። የሚታየው ሥልጣኑ ነው። ካርቶን የሚያወርድ ማኔጀር ሠራተኛ ነው።

ኮምዩኒኬሽን ነኝ
እሺ፣ ማኔጀሩ በዛ። «ኦፊሰር» ግን ማንን ይጎዳል?

በቅጥር ያረጀ
«የሚያመለክተው ይጨምራል» ያልከው ላይ ነው ክርክሬ። ከመጡት ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ ስንት ነው? እኔ የምቆጥረው ሥራው በስልክ ከተነገረው በኋላም ቃለ መጠይቅ የመጣውን ሰው ነው። ሳጥኑ ሞልቶ ሦስት ሰው ካልቀረበ ስሙ ሰው ሰብስቧል እንጂ ሻጭ አላመጣም። ቢሮ ተቀምጦ ትዕዛዝ ለሚቀበል ሻጭ «ሴልስ ኦፊሰር» ይሁን፣ አልከራከርም፤ ብዙ ሰው ይጽፈዋል። መኪና ላይ ላለ ልጅ ግን «ኦፊሰር» ወንበር ያስጠብቀዋል።

ክብሩ ጉዳይ ነው ካልክ ቋሚ ደመወዙንና ኮሚሽኑን ለይቶ የጻፈ ማስታወቂያ ይበልጥ ያከብረዋል። በዚህ ላይ እንደማንስማማ አውቃለሁ።

ከመርካቶ
አንድ ነገር ከታች እናንሳ። እኛ ሱቅ የሚመጡት ሻጮች ግማሾቹ እንግሊዝኛውን አይጽፉም። በአማርኛ ሲፈልጉ ደግሞ አንዱ «ሠራተኛ»፣ አንዱ «ሰራተኛ» ነው የሚለው። ሹፌርም እንዲሁ፤ «ሾፌር» ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። ወንድሜ ለጭነት መኪና «አሽከርካሪ» ብሎ አውጥቶ ሰው ጠፋበት፤ «ሹፌር» ሲለው ስልኩ አላረፈም።

በቅጥር ያረጀ
ይሄ ከሁሉም የሚጠቅም ነው። ስልኩ ሠንና ሰን እንደ አንድ ፊደል ላያያቸው ይችላል። አርዕስቱን ሁለት ጊዜ መጻፍ ያስቀይማል፤ ስለዚህ አርዕስቱ ላይ አንዱን፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሌላውን አጻጻፍ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ `#sales` እና `#ሽያጭ` ከታች ይጨመር።

ጠያቂ (የሰው ኃይል ክፍል)
አመሰግናለሁ። የመኪናዎቹን ልጆች ጠየቅኳቸው፤ ሁሉም «ቫን ሴልስ» ነው ያሉት፣ አንዱ ብቻ «ፕሪ ሴለር» አለ። ሥራ አስኪያጁ ለቴሌግራሙ ፈቅደዋል፤ ለጋዜጣው ግን የመዋቅሩ ስም ይሁን ብለዋል። አሁን ደግሞ አርዕስቱ ላይ «አስቸኳይ!!!»፣ ደመወዙና «ኮልፌና አየር ጤና» ይግባ እያሉኝ ነው።

በቅጥር ያረጀ
«ፕሪ ሴለር»ን አትጠቀሚ። እሱ ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚሄድ ነው፤ ዕቃው በማግስቱ በሌላ መኪና ይደርሳል። የእናንተው ሸጦ፣ አስረክቦ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ነው የሚገባው።

ድረ ገጹ ላይ አርዕስቱ የሥራው ስም ብቻ ይሁን። የጉግል የሥራ ፍለጋ መመሪያ ራሱ አርዕስት ውስጥ ኮድ፣ አድራሻ፣ ቀን፣ ደመወዝና የድርጅት ስም አታስገቡ ይላል፤ ቃለ አጋኖና ኮከብ መደርደርንም አይወድም። ቦታና ደመወዝ የየራሳቸው ሳጥን አላቸው። ያቺ መጨረሻ ላይ ያለች `I` ትውጣ፤ የደረጃ ቁጥራችሁ ለውጭ ሰው ምንም አይነግረውም። ቴሌግራም ላይ ግን ሳጥን የለም፣ ሰው በማሳወቂያው የሚያየው የመጀመሪያውን መስመር ነው፤ እዚያ ላይ «ኮልፌና አየር ጤና» ቢገባ ቃሊቲ የሚኖረውን ከድካም ያድነዋል። «አስቸኳይ»ን ተዪው፤ ሁሉም አስቸኳይ ነው የሚለው።

ከመርካቶ
መንጃ ፈቃድስ? ሻጩ ራሱ የሚነዳ ከሆነ ደረቅ 1 የሌለው ሁሉ አመልክቶ ያደክማችኋል። ዋስ የምትጠይቁ ከሆነም ከላይ ይታወቅ፤ ተያዥ ያጣ ልጅ መጨረሻ ላይ ነው የሚወድቀው።

ጠያቂ (የሰው ኃይል ክፍል)
ራሱ ነው የሚነዳው፤ ዋስም እንጠይቃለን።

በቅጥር ያረጀ
እንግዲያው ቴሌግራሙ ላይ የመጀመሪያው መስመር የሥራው ስምና ሰፈሩ፣ ሁለተኛው «መንጃ ፈቃድ ደረቅ 1፣ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ይሁን። ድረ ገጹ ላይ ሁለቱም ከመስፈርቶቹ አናት ላይ ይግቡ።

ጋሽ መዝገቡ
ጋዜጣው ላይ የቦርዱ ስም መውጣቱ ግን ደግ ነው። ጋዜጣ ላይ ፍለጋ የሚጽፍ የለም።

የቀድሞ ቴሪቶሪ ማኔጀር
ጋሼ፣ ጋዜጣውንም በዓይን ነው የምንፈልገው። ቁርስ ቤት ቁጭ ብዬ ገጹን ስገልጥ «ሽያጭ» የሚለውን ካላየሁ አልፈዋለሁ።