ወጥ ቤቴ ሰው አልበረክት አለኝ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ የአንድ ሬስቶራንት የወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሙያ የለመዱት ረዳቶች እየለቀቁ አስቸገሩኝ። በመጨረሻ ቀናቸው ስጠይቅ ሁሉም «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ይላሉ። ደመወዛቸውና የሥራ ልምድ ወረቀታቸው ገና እኔ እጅ እያለ ማን ደፍሮ ይናገራል?

አንዷ ጋ ከወር በኋላ ስደውል እውነቱን ነገረችኝ። ወጡን የምትሠራው እሷ፣ የሚመሰገነው ዋናው ሼፍ። ቀጥሎ ምን እንደምትሆንም አታውቅም ነበር።

አሁን የእድገት ደረጃ ጽፌ ልለጥፍ ነው፦ እቃ አጣቢ፣ አዘጋጅ፣ ረዳት፣ የምድጃ ኃላፊ። በየደረጃው የሚፈተኑበት ምግብና የደመወዝ ጭማሪ ይኖራል። የጨነቀኝ የላይኛው ቦታ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ፈተናውን አልፎ ክፍት ቦታ ያጣውን ሰው እናንተ ምን ታደርጉታላችሁ? የሚለቁትንስ ከእኔ ሌላ ማን ቢያነጋግራቸው ይሻላል?