የቤቱን ድስት ሳልለይ፣ እንጀራውንም ሳልተው እንዴት ልቀንስ?

ጠያቂ (አዘዞ)፦ 82 ኪሎ ነኝ። እናቴ የምትሠራውን ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ እበላለሁ፤ ለብቻዬ ባበስል ትቀየመኛለች። ከእንጀራው፣ ከሩዙና ከፓስታው ምን ያህል ልውሰድ?

የማራኪዋ፦ እህቴ፣ ነጩን ትተሽ ጥቁር ጤፍ ብይ። ጥቁር ጤፍ አያወፍርም።

ባለሚዛን፦ ጥቁር ጤፍ መልካም ነው፤ የሚያወፍረው ግን መጠኑ እንጂ ቀለሙ አይደለም። የኩሽና ሚዛን ተዋሺና አንድ እንጀራ መዝኚ። የእኛ ቤት እንጀራ 340 ግራም ወጣ፤ ወደ 500 ካሎሪ ገደማ ነው። ምጣዱ እስካልተለወጠ ድረስ ከዚያ ወዲያ ግማሹንና ሩቡን በዓይን መለየት ይበቃል። ድርሻሽን አስቀድመሽ በትንሽ ሳህን ያዢና ከገበታው ወጡን ብቻ ጥቀሺ። ከወጡ ሥር ያለውን እንጀራ ተዪው፤ ዘይቱን የጠጣው እርሱ ነው፣ የሚቆጥረው ግን የለም።

ትልቁ ጉዳይ ዘይቱ ነው። እናቴ ለአምስታችን ሽሮ ስትሠራ ከጄሪካኑ በቀጥታ ታንቆረቁር ነበር። አንድ ቀን በቡና ሲኒ ብናስለካት ሦስት ሲኒ ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ 200 ሚሊ ሊትር አካባቢ መሆኑ ነው። ከዘይቱ ብቻ ለእያንዳንዳችን 330 ካሎሪ ይደርሰናል፤ ከግማሽ እንጀራ ይበልጣል! አሁን ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረገች ታቁላላና በመጨረሻ አንድ ሲኒ ዘይት ትጨምራለች። አባቴ ብቻ «ሽሮው ዛሬ ፈዘዘ» አለ፣ በማግሥቱ ረሳው።

ጾመኛ፦ እኔ እንኳ በዐቢይ ጾም ሥጋውንም ቅቤውንም ትቼ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ምክንያቱ ይህ ይሆን? ቁርስ ስለማልበላ እቀንሳለሁ ብዬ ነበር።

ባለሚዛን፦ ሳይሆን አይቀርም። ግን ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደምትበላ ሳላውቅ አልፈርድም።

ጠያቂ፦ ፓስታውን በእንጀራ ነው የምንበላው። 100 ግራም መዝኜ በላሁ፣ ቶሎ ራበኝ።

ባለሚዛን፦ የመዘንሽው ጥሬውን ነው ወይስ የበሰለውን? 100 ግራም ጥሬ ፓስታ ውሃ ጠጥቶ ከ220 ግራም በላይ ይሆናል፤ ካሎሪው ግን ያው 350 ነው። ስለዚህ 100 ግራም የበሰለ ከበላሽ የወሰድሽው ከግማሹ ያነሰ ነበር፤ መራብሽ አይገርምም። ከድስት ለሚቀዳ ሰው የሚሻለው የበሰለውን መመዘን ነው። 150 ግራም የበሰለ ፓስታ ከግማሽ እንጀራ ጋር ይቀራረባል፤ ሩዙ ትንሽ ያንሳል። አንዱን ምረጪ፤ ሁለቱንም ካማረሽ ከእያንዳንዱ ግማሹን ውሰጂ። ጠዋት ጠዋት ተመዘኚ፤ በሦስት ሳምንት ካልተንቀሳቀሰ ሩብ እንጀራ ቀንሺ።

ጠያቂ፦ የአክስቴን ጉርሻስ በየትኛው ሚዛን ልመዝነው?

የማራኪዋ፦ እርሱን እኔም አልቻልኩበትም። ሦስተኛው ላይ ልጄን ወደ እርሷ እገፋለሁ።