መስታወቱን ከባኞው 35 ሳንቲም ላይ ልስቀለው?

ሦስተኛ ፎቅ
ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ቤት ከገባን ሁለት ወራችን ነው። መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለውም፤ ያለው መብራት ኮርኒሱ መሀል ላይ የተሰካ አንድ ነው። መስታወቱ ፊት ስቆም መብራቱ ከኋላዬ ይሆንና የራሴን ጥላ ነው የማየው። ቅንድቤን የምሠራው ስልኬን በአፌ ይዤ ነው፣ አትሳቁ።

ስለዚህ ዙሪያውን መብራት ያለው፣ ስፋቱ 80 ሳንቲም የሆነ መስታወት ገዛሁ። የሚሰቀልበት ቦታ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ብቻ ነው። ለካሁት፤ ግራ ጠርዙ ከባኞው ጠርዝ 35 ሳንቲም ላይ ይውላል። ባኞው ውስጥ ቆመን ነው ሻወር የምንወስደው፣ የፕላስቲክ መጋረጃ አለው። ካርቶኑ ላይ «አይፒ 20» ይላል። ሶኬቱ ኮሪደር ላይ ስለሆነ ገመዱን በበሩ ሥር አሳልፌ ልሰካው አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግድ የለም ይላል፣ አከራዩ ደግሞ ግድግዳ እንዳትበሱ ብሏል። እናንተስ?

የማታ ፈረቃ
እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። እኔ ከመስታወቴ ጀርባ የኤልኢዲ ገመድ ለጥፌ ዓመት አለፈኝ፣ ምንም አልሆንኩም። የዘመኑ ኤልኢዲ 12 ቮልት ነው፣ ሰው አይገድልም። የድሮ አምፖል ነበር አደጋው።

ጋሽ ሽቦ
የማታ ፈረቃ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። ያ የኤልኢዲ ሪባን 12 ቮልት ሊሆን ይችላል። ግን 12 ቮልቱ ከየት መጣ? ከግድግዳው የሚመጣውን ትልቁን ቮልቴጅ የሚቀንስ ትንሽ ሳጥን አለ፤ እንደ እህታችን ባለ መስታወት ላይ ሳጥኑ ብዙ ጊዜ ያለው ከመስታወቱ ጀርባ ነው። ስለዚህ ዋናው መብራት ኃይል መስታወቱ ድረስ ይገባል ማለት ነው። እንፋሎት የሚገባው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው እንጂ ሪባኑ ላይ አይደለም።

ልጄ፣ ካርቶኑ ላይ ያየሽው ቁጥር ሁለት አሃዝ አለው። የመጀመሪያው ስለ አቧራና ስለ ጣት ነው፣ ተዪው። ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። ያንቺ ዜሮ ነው፤ አምራቹ ራሱ «አንድ ጠብታ ብትነካው ኃላፊነት የለብኝም» እያለሽ ነው። 4 ቢሆን ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል። 5 ቢሆን ግፊት ያለው ውሃ ይችላል። 7 ደግሞ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ለአጭር ጊዜ ይቋቋማል፤ ባኞው ውስጥ ለሚገባ ነገር የሚጠየቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሜትርሽ። አውሮፓና ሌላም ብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ መታጠቢያ ቤቱን በርቀት ይከፍለዋል። ከባኞው በላይ፣ ከወለሉ እስከ 2 ሜትር ከ25 ድረስ ያለው አንድ ክልል ነው። ከባኞው ጠርዝ ወደ ጎን 60 ሳንቲም ደግሞ ቀጣዩ ክልል ነው፣ ቁመቱ ያው። በሁለቱም ውስጥ የሚገባ መብራት ሁለተኛ አሃዙ ቢያንስ 4 መሆን አለበት። ያንቺ ግራ ጠርዝ 35 ላይ ነው፤ ስለዚህ የመስታወቱ 25 ሳንቲም ክልሉ ውስጥ ገብቷል። «ትንሽ ነው የገባው» አይባልም፣ አንድ እቃ ስለሆነ ሙሉው እንደገባ ነው የሚታየው።

ሦስተኛ ፎቅ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጠባብ ብቀይረውስ? 50 ሳንቲም ስፋት ያለው አለ።

ጋሽ ሽቦ
መሀሉ ከእጅ መታጠቢያው መሀል ጋር እንዲገጥም ትፈልጊያለሽ አይደል? መሀሉ ከባኞው 75 ሳንቲም ላይ ነው። 50 ቢሆን ግራ ጠርዙ 50 ላይ ይውላል፤ አሁንም 10 ሳንቲም ውስጥ ነሽ። ከክልሉ ለመውጣት ከ30 ሳንቲም መስፋት የለበትም፣ ያ ደግሞ የመኪና መስታወት ነው። ስለዚህ ስፋቱን ሳይሆን ቁጥሩን ቀይሪ፦ አይፒ 44 የሆነ፣ በቋሚ መስመር የሚገናኝ።

የማታ ፈረቃ
መጋረጃ አላት እኮ ጋሼ! ውሃው እሷ ጋ አይደርስም።

ጋሽ ሽቦ
መጋረጃ ተንቀሳቃሽ ነው፤ ደንቡ እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ልጅ ይጎትተዋል፣ ሰው ረስቶ ይከፍተዋል። በመጋረጃው ፋንታ ግድግዳው ላይ የታሰረ የማይነቀል የብርጭቆ መከለያ ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ 60 ሳንቲሙ በመከለያው ጫፍ ዞሮ ነው የሚለካው፣ ክር ይዘሽ እንደምትለኪ።

የመንታ እናት
የኔማ መስታወት ሁልጊዜ በእንፋሎት ይሸፈናል። ሳሙና ቀብቼ በደረቅ ጨርቅ ስጠርገው ለሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ሞክሪው የኔ እህት።

ሦስተኛ ፎቅ
እትዬ፣ የኔ ጥያቄ ስለ እንፋሎት አልነበረም፣ ግን አመሰግናለሁ 🙂

የመንታ እናት
አይ፣ አነበብኩት እኮ። ግን ይሄ ነገር ያስታወሰኝ ታናሽ እህቴን ነው። አገር ቤት ሆና ያንን መብራት ያለው መስታወት በፎቶ አይታ «ላኪልኝ፣ ላኪልኝ» አለችኝ። ባለፈው ወር ለእናታችን ሕክምና የላክነው ገና አልተከፈለም፣ እሷ መስታወት ትላለች። እምቢ ስል «ፈረንጅ ሆነሻል» ብላ ዘጋችኝ። ሦስት ሳምንት ሆናት አትደውልም።

ሌሊት ነጂ
እትዬ፣ ተያት፣ ራሷ ትደውላለች።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ ጋሽ ሽቦ የአውሮፓን ነው የነገራት። አሜሪካ ያለን ሰዎች በዚህ የአይፒ ቁጥር አንመራም። እዚህ መብራቱ ላይ «ለእርጥበታማ ቦታ» ወይም «ውሃ ለሚነካው ቦታ» የሚል ምልክት ነው የሚታየው፤ የሻወር ውሃ ቀጥታ የሚያገኘው ሁለተኛውን ነው የሚፈልገው። ርቀቱም ሌላ ነው፦ ከባኞው ወደ ጎን 3 ጫማ፣ ከባኞው ጠርዝ ወደ ላይ 8 ጫማ። በዚያ ውስጥ በሰንሰለት ወይም በገመድ የሚንጠለጠል፣ በገመድ የሚሰካም መብራት አይፈቀድም። 3 ጫማ ወደ 91 ሳንቲም ነው፤ የእህታችን 35 እዚያም አያልፍም። ደግሞ የኛ ሶኬቶች ኤሌክትሪክ 5 ሚሊአምፒር አካባቢ ሲያፈስ ይቆርጣሉ፣ የእናንተ 30 ድረስ ይታገሳል። ስለዚህ የኛ ይሻላል።

ጋሽ ሽቦ
ወንድሜ፣ «ይሻላል» የሚለው ቃል ነው የማልወደው። የኛው ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚወርደው ብሬከር 30 ላይ የሚቆርጠው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው፣ ሙሉውን ቤት ወይም ሙሉውን መስመር ይጠብቃል። ያንተ በብዛት አንድ ሶኬት ላይ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት የመመርመሪያ ቁልፋቸው ሲጫን ከቆረጡ ነው፤ ስንቱ ሰው ተጭኖ ያውቃል?

ሌሊት ነጂ
ጋሼ፣ እኔ ያልኩት ቁጥሩን ነው። 5 ከ30 ያንሳል፣ ሂሳብ ነው።

ጋሽ ሽቦ
ሂሳቡን አልካድኩም። ብቻ ልጅቱ ያለችበት አገር የቱ እንደሆነ ሳታውቅ «የኛ» አትበል።

ሦስተኛ ፎቅ
ጋሼዎቼ፣ እባካችሁ 😅 አንድ የረሳሁት ነገር አለ። ከባኞው በላይ ኮርኒሱ ላይ አንድ ትንሽ ስፖት አለ። ሻወር ስወስድ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብሬከሩ ይወርዳል። ወዲያው ባነሳው ተመልሶ ይወርዳል፤ ማታ ሳነሳው ግን ሳይወርድ ይቆያል። ባለቤቴ ብሬከሩ አርጅቷል፣ በትልቅ እንቀይረው ይላል።

ጋሽ ሽቦ
በፍጹም! ይሄ ከመስታወቱ ይብሳል፣ እንዴት አስቀድመሽ አልነገርሽንም። ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ስፖቱ ውስጥ እንፋሎት ገብቶ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ሲያፈስ ይቆርጣል፤ ሲደርቅ ማፍሰሱን ያቆማል፤ ለዚህ ነው ማታ ስታነሺው የማይወርደው። ብሬከሩን ከቀየራችሁ የሚነግራችሁን ሰው አፉን ዘጋችሁት።

መሰላል ላይ ሳትወጪ፣ ሳትነኪው፣ ከታች ሆነሽ በባትሪ እዪው። ከብርጭቆው ውስጥ ጠብታ ወይም ጭጋግ አለ? ዙሪያው ላይ ቡናማ ቀለበት አለ? አንዳንዴ መብራቱ ጥሩ ቁጥር ይኖረውና የገጠመው ሰው እንፋሎት የሚከለክለውን ጎማ ይጥለዋል፤ ያለ ጎማ ቁጥሩ ወረቀት ነው። ኮርኒሱ ስንት ሜትር ነው?

ሦስተኛ ፎቅ
አሁን ለካሁት፣ 2 ከ40። ስፖቱ ውስጥ ጠብታ ይታያል፣ ሁለት ሦስት ጠብታ። አንዱ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ጋሽ ሽቦ
2 ከ40 ከሆነ በወረቀት ከክልሉ ውጭ ነው፣ 15 ሳንቲም አልፎታል። እንፋሎት ግን ሜትር አይለካም። የስፖቱን መስመር ከማከፋፈያው ሳጥን አጥፊው፣ እስኪታይ አታብሪው። አከራዩ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይጥራ፣ ፎቶ አንስተሽ ከጽሑፍ ጋር ላኪለት። አይፒ 65 ያስገጥም።

ቢጫ መብራት
ስለ ፊት ማየት ማንም አልመለሰላትም። ሜካፕ ነው ሥራዬ፣ ልናገር። መብራቱ ከላይ ብቻ ሲሆን ከዓይን ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር፣ ከአገጭ ሥር ጥላ ይሆናል። ከግራና ከቀኝ፣ በዓይን ቁመት ሲሆን አንዱ ያንዱን ጥላ ያጠፋል። ሁለቱ ከ75 እስከ 90 ሳንቲም ቢራራቁ ጥሩ ነው፣ ያንቺ 80 ተስማሚ ነበር። ባልሽ ረጅም ከሆነ ደግሞ አምፖል ሳይሆን ቁመቱ ዘንግ የመሰለ መብራት ይሻላል፣ ሁለታችሁንም ያገለግላል።

ሳትሰቅዪው ፈትሺው፦ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፊና ክፍሉን አጨልመሽ ሰክተሽ አብሪ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ከሄደና ፊትሽ ጨለማ ከሆነ፣ ከጀርባ የሚያበራ ጌጥ ነው፣ አይፒው ቢስተካከል እንኳ አይጠቅምሽም። ዳር ዳሩ ጭጋግ የመሰለ ብርጭቆ ኖሮት ወደ ፊት ካበራ ጥሩ ነው። ስትገዢ ሲአርአይ የሚባለው፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግረው ቁጥር፣ 90 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ፈልጊ፣ አለበለዚያ የኛ መልክ አመድ ይመስላል። ቀለሙ 3000 ኬልቪን ይበቃል።

የማታ ፈረቃ
3000 ቢጫ ነው እኮ። ጺም ስላጭ አላይም። 6000 ነው ነጩ።

ቢጫ መብራት
6000 ሰማያዊ ነው፣ ሬሳ ታስመስላለህ። የጠፋህ መብራቱ ከላይህ ስለሆነ ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም።

የማታ ፈረቃ
ለወንድ ሌላ ነው።

ቢጫ መብራት
ጥላ ወንድና ሴት አይለይም 😂 ካልተስማማህ 4000 ሞክር።

ሦስተኛ ፎቅ
ፈተሽኩት። መኝታ ቤት ሰካሁት፣ ፊቴን ጥሩ ያበራል። እዚያው ይቀራል ማለት ነው? መታጠቢያ ቤት ግን ምን ላድርግ?

ጋሽ ሽቦ
መኝታ ቤት ደረቅ ነው፣ አይፒ 20 እዚያ ቦታው ነው። ለመታጠቢያ ቤቱ ለጊዜው፣ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት ዘንግ መብራቶች በማጣበቂያ በመስታወቱ ግራና ቀኝ ለጥፊ። ቻርጅ ስታደርጊያቸው ነቅለሽ ሌላ ክፍል ውሰጃቸው። ገመድ በበር ሥር ግን አይታሰብም፤ በሩ በከፈትሽው ቁጥር ይቆርጠዋል፣ ወለሉም እርጥብ ነው።

ሌሊት ነጂ
ጋሼ፣ አሁንም ግን 5 ከ30 ያንሳል።

የመንታ እናት
እህቴ ደወለች! መስታወቱን ትታዋለች፣ አሁን ደግሞ የመታጠቢያ ቤት መብራት ነው የምትፈልገው። ጋሽ ሽቦ፣ ስንት ቁጥር ልበላት?

ሦስተኛ ፎቅ
አከራዩ መለሰልኝ። ኤሌክትሪሺያን ሳይሆን «ወንድሜ ያየዋል» አለ።

ጋሽ ሽቦ
ወንድሙ ፈቃድ አለው?

ሦስተኛ ፎቅ
ጠይቄው ነበር። እስካሁን አልመለሰም።