በቼዝ «ድልድይ መሥራት» ማለት ምን ማለት ነው?

ሐይቅ ዳር
ሰላም ቤተሰብ፤ አንድ አባባል ግራ አጋብቶኝ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቼዝ ይዘን ነበር። መጨረሻ ላይ ለእኔ ሩክና አንድ ወታደር ቀረኝ፤ ለተጋጣሚዬ ሩክ ብቻ። እውነተኛው ወታደር ስለጠፋ በእሱ ቦታ የለስላሳ ቆርኪ አስቀምጠናል። ቆርኪው አንድ ጊዜ ቢራመድ ንግሥት ነው። ከጎን ቆሞ የሚያይ ልጅ «ድልድዩን ሥራና ጨርሰው» አለኝ። የሚለው አልገባኝም፤ ጨዋታው በአቻ አለቀ። ድልድዩ የቱ ጋ ነው? ለምንስ ድልድይ ተባለ?

አባይ ማዶ
ይሄማ ግልጽ ነው። ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ሰው «ድልድይ ሆነ» እንላለን። ወታደሩ ወደ ንግሥትነት ሲሸጋገር ሩኩ ያሸጋግረዋል፤ በቃ። እኛ ባሕር ዳሮች ድልድይ አይከብደንም፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የአባይ ድልድይ በየቀኑ እያየን ነው።

ጥቁር ሩክ
ወንድሜ፣ የሚሻገረው ወታደሩ አይደለም፤ ንጉሡ ነው። ወታደሩማ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ደርድሩት። ነጭ ንጉሥ g8፣ ወታደሩ g7፣ ነጭ ሩክ f1። ጥቁር ንጉሥ e7፣ ጥቁር ሩክ h2። ተራው የነጭ ነው።

ችግሩ ይታያችሁ። ንጉሡ የቆመው ወታደሩ የሚነግሥበት ቤት ላይ ነው። መንገዱን የዘጋው ራሱ ነው። በቀኝ እንዳይወጣ ጥቁሩ ሩክ የ h መስመርን ይዟል። በግራ እንዳይወጣ f7 እና f8 በጥቁሩ ንጉሥ ተይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሩኩ e1 ላይ ቼክ ይባልና ጥቁሩ ንጉሥ አንድ መስመር ይገፋል። ወደ f6 ቢመጣ ነጭ ንጉሥ f8 ይወጣና ወታደሩ ይነግሣል።

ከዚያ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። በሩ ተከፈተ ብሎ ንጉሡን ወዲያው ያወጣዋል። ጥቁሩ ሩክ ከኋላ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ ይለዋል። ከወታደሩ ከራቀ ወታደሩ ይበላል፣ ከተጠጋ ቼኩ አያልቅም። መልሶ g8 ይገባል።

ሐይቅ ዳር
ልክ! እኔ የሆንኩት ይሄንኑ ነው። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። ከዚያ «አቻ እንበል» አልኩት።

ጥቁር ሩክ
ንጉሡ ከመውጣቱ በፊት ሩኩ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ e4 ላይ ይቀመጣል። ላየው ሰው ምንም የማይሠራ እርምጃ ነው። ቼክ አይልም፣ ማንንም አያጠቃም። ድልድዩ ግን እሱ ነው። K ንጉሥ፣ R ሩክ፣ + ቼክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሙሉው እንዲህ ይሄዳል፤

```
1.Re1+ Kd7 2.Re4 Rh1 3.Kf7 Rf1+ 4.Kg6 Rg1+
5.Kf6 Rf1+ 6.Kg5 Rg1+ 7.Rg4
```

ንጉሡ ቼክ እየተባለ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። g5 ሲደርስ ሩኩ አጠገቡ ነው። የመጨረሻው ቼክ ሲመጣ g4 ላይ ገብቶ ይጋርደዋል። ጥቁር ይህን ሩክ ቢበላው ነጩ ንጉሥ መልሶ ይበላል፤ የጥቁር ንጉሥ ደግሞ ሩቅ ስለሆነ ወታደሩ ይነግሣል። ባይበላው ቼክ የሚልበት ቦታ አጥቷል።

ፊደል
እንግዲህ ጥያቄዬን ላንሣ። ይሄ እኮ ድልድይ አይደለም። ሩኩ መጨረሻ ላይ የሠራው መጋረድ ነው። በአማርኛ ከዱላና ከድንጋይ መሀል የገባ ነገር ጋሻ ነው፣ ከለላ ነው። «ከለላ ሰጠው» ብንል የሰማ ሁሉ ይገባዋል። «ድልድይ» ከፈረንጅ ቃል በቃል የመጣ ነው። ልጁ ከለላ ስጠው ቢልህ ኖሮ ምናልባት ታሸንፍ ነበር።

ጥቁር ሩክ
ከውጭ መምጣቱ እውነት ነው። «ድልድይ» ያለው የቼዝ ሊቁ ኒምዞቪች ነው፣ በጀርመንኛ። አቀማመጡን ሰው የሚጠራው ግን በጥንቱ የቼዝ ጸሐፊ በሉሴና ስም ነው፤ እሱም ስህተት ነው። ሉሴና በ1497 ባሳተመው ውስጥ ይሄ አቀማመጥ የለም። በጽሑፍ የተገኘው በ1634 ሳልቪዮ ባሳተመው ላይ ነው። ስም እንዲህ ተሳስቶም ይጸናል።

መምህር ወ
ልጆቼ፣ እኔም አንዲት ነገር ልጨምር። በድሮው ሰንጠረዥ ሩክ «ደር»፣ ወታደር «መደቅ» ነበር። ስለዚህ በራሳችን ቃል ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም።

ፊደል፣ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ ካየህ ከለላ ነው። ግን ልጁ «ሥራ» ያለው መጨረሻ ላይ አይደለም። ድልድይ ጎርፉ ሳይመጣ ነው የሚሠራው። ሩኩ አስቀድሞ e4 ላይ ሲቀመጥ ነው ሥራው። ከለላ ስትል ሰውየው ዱላው ሲነሣ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሩኩ ሩቅ ነው። ሌላም አለ። ድልድይ «ደለደለ» ከሚለው ጋር ዘመድ ይመስለኛል። አስተካከለ፣ በየቦታው አደረገ ማለት ነው። የውድድር «ድልድል» የምንለውም፣ ሰው «ተደላደለ» የምንለውም ከዚያው ነው። ንጉሡ g5 ላይ ሲያርፍ ተደላደለ ብትለው ያምርበታል።

ፊደል
መምህር፣ «ደለደለ» የሚለውን እቀበላለሁ። ድልድይ ግን ከወዲህ ወዲያ ያሻግራል። ይሄ ንጉሥ የት ተሻገረ? g8 ነበር፣ g5 ሆነ። ወንዙ የቱ ነው?

መምህር ወ
ወንዙ ቼኩ ነው፣ ልጄ። ያንን ሳታልፍ ከg8 መውጣት የለም።

ቀዘፋ
ይቅርታ፣ ቃሉን ትቼ ሰሌዳው ላይ ልጠይቅ። ለምን አራተኛው ረድፍ? አምስተኛው ላይ ባስቀምጠው ንጉሡ g6 ላይ እያለ g5 እጋርደዋለሁ። ሁለት እርምጃ ያጥራል። ሞክሬው ሠርቶልኛል።

ጥቁር ሩክ
የሠራልህ ተጋጣሚህ ስላላየው ነው። ሩክህ e5 ሲቆም ጥቁር ንጉሥ d7 ላይ ነው። d6 ይመጣና ሩክህን ይነካዋል። መልሰህ ልታነሣው ነው፣ ሥራው አልተሠራም። ከእጅህ የወጣ ነገር የለም፣ ወደ አራተኛው መመለስ ትችላለህ። ግን በከንቱ ደከምክ። e4 ግን ከዚያ ንጉሥ ይርቃል።

ቀዘፋ
እሺ፣ ያንን አላየሁም። ሌላ ደግሞ አለኝ። ባለፈው ወታደሬ h መስመር ላይ ነበር፣ ንጉሤ h8። ድልድይ ልሠራ ብል አልሆነም።

ጥቁር ሩክ
ዳር ላይ ይሄ አይሠራም። ንጉሡ የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል ሰሌዳው አልቋል። ጥቁሩ ንጉሥ ከወታደሩ በጣም ከራቀ ታሸንፋለህ፤ ቀረብ ካለ አቻ ነው። ሌላው መጠንቀቂያ ደግሞ ይሄ ነው፤ ንጉሥህ ከወታደሩ ፊት ሳይደርስ ድልድይ አትጀምር። ወታደሩ ገና አምስተኛው ላይ እያለ ጥቁሩ ንጉሥ ከፊቱ ቆሞ ሩኩ ስድስተኛውን ረድፍ ከያዘ፣ ያ ሌላ ጨዋታ ነው። አቻ ነው።

ሐይቅ ዳር
ቅዳሜ ያንኑ ሰው አገኘዋለሁ። ቆርኪዋን g7 ላይ አድርጌ ከዚያው እንጀምር እለዋለሁ። መምህር፣ «ድልድዩን ሥራ» ከምንል «ሩክህን አስቀድመህ አደላድል» ብንልስ?

መምህር ወ
እሱ ረዘመ። ግን አፌ ላይ ያዘኝ።

ፊደል
እኔ አሁንም ከለላ ነው የምለው። ቢያንስ g4 ላይ ለምትገባዋ እርምጃ ለብቻዋ ስም ያስፈልጋታል።