የእድራችን የአገልግሎት ሰንጠረዥ በስልክ እንዲነበብ፦ ለሥራ አስፈጻሚው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ በመተዳደሪያ ደንባችን መጨረሻ ላይ የተያያዘው የአገልግሎት ሰንጠረዥ ሰባት ረድፍና ሰባት ዓምድ ያለው መሆኑ ይታወቃል። ረድፎቹ ሟቹ ለአባሉ ምኑ እንደሆነ ይገልጻሉ፤ ዓምዶቹ ደግሞ ዝምድናውን፣ የሚሰጠውን ገንዘብ፣ ድንኳኑ የሚቆይበትን ቀን፣ የወንበሩን ብዛት፣ የማብሰያ ዕቃውን፣ የሚጠየቀውን ማስረጃና አስተያየቱን ይዘዋል። ወረቀቱን አግድም አድርገን ስናትመው ምንም እንከን የለውም። በቴሌግራም ቡድናችን ፎቶ አንሥተን ስንልከው ግን ፊደሉ እጅግ ስለሚያንስ ሐዘን የደረሰበት አባል ትቶት በቀጥታ ወደ እኔ ወይም ወደ ገንዘብ ያዥዋ ይደውላል። በመሆኑም ሰንጠረዡ በስልክ ስክሪን ላይ ከላይ ወደ ታች በሚነበብ ጽሑፍ እንዲተካ ሐሳብ ለማቅረብ አስቤአለሁ። አስተያየታችሁን ሰብስቤ በአንድ ገጽ ለሥራ አስፈጻሚው አቀርባለሁ።

ገንዘብ ያዥ

ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ሥራውም ቀላል ይመስለኛል። ሰንጠረዡ በኤክሴል ስላለኝ እያንዳንዱን ረድፍ አንድ ርእስ አድርጌ፣ ዓምዶቹን በሥሩ በነጥብ መዘርዘር እችላለሁ። በእጅ መገልበጥም አያስፈልግም፤ ለገንዘቡ ዓምድ ለምሳሌ የሚከተለውን ቀመር ጽፌ ወደ ታች ብጎትተው ሰባቱንም መስመር ያወጣልኛል።

```
="• "&A2&"፦ "&TEXT(B2,"#,##0")&" ብር"
```

መጀመሪያ «ለ» የሚለውን ከፊት አስገብቼ ሞክሬው ነበር፤ «ለየትዳር ጓደኛ» ብሎ ስለጻፈብኝ ዝምድናውን ብቻ አስቀድሜ በ«፦» መለየቱን መርጫለሁ። የሌሎቹንም ዓምዶች በዚሁ መንገድ እስከ ነገ አደርሳለሁ።

የንብረት ክፍል ኃላፊ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጠቅላላ ጉባኤ ሳይጠራ የድጋፉን መጠን ማሻሻል የሚቻለው በየትኛው አንቀጽ ነው? ሰንጠረዡ የጸደቀው በጉባኤ ነው። የወንድምና የእህት ድጋፍ ይነሣ የሚል ነገር ከሆነ እኔ ከወዲሁ ተቃውሞዬን አስመዘግባለሁ።

ጸሐፊ

ጋሼ፣ ከመጠኑ አንዲት ሳንቲም አይነካም። የሚለወጠው አቀራረቡ ብቻ ነው፤ የጸደቀው ሰንጠረዥ በመዝገቡ እንዳለ ይቆያል።

አባል (ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አዘጋጅ)

ገንዘብ ያዥዋ ቀመሩን ማዘጋጀታቸው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰባት ረድፍ በስድስት ዓምድ ሲዘረዘር አርባ ሁለት ነጥብ ይወጣዋል። አንባቢው ቀድሞ ወደ ጎን ይገፋ ነበር፤ አሁን ደግሞ ወደ ታች እየገፋ ይደክማል። ከመዘርዘራችን በፊት ሰንጠረዡን ዓምድ በዓምድ ወደ ታች እንድናነበው እጠይቃለሁ። እኔ ሳነበው ድንኳኑ በሁሉም ረድፍ ሦስት ቀን፣ ወንበሩ በሁሉም ረድፍ 60፣ የማብሰያ ዕቃውም በሁሉም ረድፍ «አዎ» ሆኖ አገኘሁት። ከላይ እስከ ታች የማይለወጥ ዓምድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ በዚህ ብቻ ሃያ አንድ ክፍሎች በአንድ መስመር ያልቃሉ። በነጥብ መዘርዘር ያለበት ከረድፍ ረድፍ የሚለያየው ነው፤ እርሱም ገንዘቡ ነው። ገንዘቡም ቢሆን የተለያየው መጠን አራት ብቻ ነው፦ 15,000፣ 10,000፣ 6,000 እና 3,000 ብር። መጠናቸው እኩል የሆኑትን ረድፎች አንድ ላይ ብንጽፋቸው አራት ነጥቦች ይሆናሉ።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው አስተያየቱ ነው። በወንድምና እህት ረድፍ «ሐዘኑ በአባሉ ቤት ከሆነ» ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ ባለው የአማት ረድፍ «እንደ ላይኛው» ተብሏል። ረድፎቹ ተለያይተው ሲጻፉ «ላይኛው» የሚባል ነገር አይኖርም፤ ቀመሩ ግን እንዳለ ይገለብጠዋልና አንባቢው የትኛውን እንደሆነ አያውቅም። በገንዘቡ ዓምድ ርእስ ላይ ያለችው ኮከብም እንዲሁ ናት። ማብራሪያዋ በገጹ ግርጌ «ከገቡ ስድስት ወር ላልሞላቸው ግማሹ» ይላል፤ በስልክ ላይ ግርጌ የሚባል ቦታ ስለሌለ ይህ ቅድመ ሁኔታ ከገንዘቡ ዝርዝር በፊት መምጣት ይኖርበታል። ቁጥሩን ያየ ሰው ከዚያ በታች ያለውን ላያነብ ይችላል።

አባል (ሪያድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት አማቴ ባረፉ ጊዜ ፎቶውን እዚሁ ሆኜ በሥራ ሰዓት ከፍቼው ነበር። ቁጥሩ እንዲታየኝ ሳሰፋው የዝምድናው ዓምድ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ዝምድናውን ፍለጋ ወደ ግራ ስመልሰው ደግሞ ቁጥሩ ይጠፋል። 6,000 የሚለው የወላጅ ይሁን የአማት መለየት ስላልቻልሁ ባለቤቴ ራሷ ሄዳ ጠየቀች። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሰንጠረዡን እንዳለ በጽሑፍ ጽፈን፣ በዓምዶቹ መካከል ባዶ ቦታ ትተን ብንልከው አይሆንም? ቴሌግራም እኩል ስፋት ያለው የፊደል ዓይነት አለው ሲባል ሰምቻለሁ።

አባል (ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አዘጋጅ)

ወንድሜ፣ ያ የፊደል ዓይነት እኩል ስፋት ያለው ለላቲን ፊደልና ለቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል በውስጡ ስለማይኖር ስልኩ ከሌላ ፊደል ተበድሮ ያሳየዋል፤ በተበደረው ውስጥ ደግሞ «ር» ጠባብ፣ «ጭ» ሰፊ ነው። በእርስዎ ስልክ የተስተካከለው ዓምድ በሌላው ስልክ ይወላገዳል። መስመሩ ከስክሪኑ ስፋት ካለፈም ቀሪው ተቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ስለሚወርድ ገንዘቡ ከሌላ ዝምድና ሥር ገብቶ ሊነበብ ይችላል። ከፎቶው የሚከፋው በዚህ ነው፤ ፎቶው ቢያንስ ረድፉን አያዛባም።

አባል (የዓይን ብርሃን የሌለው)

እኔ ስልኬን የምጠቀመው ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ፎቶው ለእኔ ባዶ ነው። በባዶ ቦታ የተደረደረውም ቢሆን «ልጅ አሥር ሺህ ሦስት ስድሳ አዎ» ብሎ ያልፈኛል፤ ሦስቱ ቀን ይሁን ድንኳን፣ ስድሳው ምን እንደሆነ አልለይም። ስለዚህ ከየቁጥሩ ጎን ብር፣ ቀን ወይም ወንበር የሚለው ቃል አብሮ ይጻፍ። ምልክትም አይብዛ፤ ጌጥ ተብለው የሚገቡ ኮከቦችና ቀስቶች አንድ በአንድ በስማቸው ይነበቡልኛል።

ገንዘብ ያዥ

በቀረበው እስማማለሁ። ሆኖም ይህ አሠራር ወደ ሩብ ዓመት የሒሳብ ሪፖርቴ እንዳይዛመት አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ። በሐዘን ጊዜ አባሉ የሚፈልገው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ የእርሱን ካገኘ ሌላውን አያነብም። የገቢና ወጪ ሒሳብ ግን ከላይ ወደ ታች የሚደመርና ወር ከወር የሚነጻጸር ስለሆነ በዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ኦዲተሩም አባሉም ሊያጣራው አይችልም።

ሌላው፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው አባላት አሉን። ለእነርሱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ልንልክ እንችላለን። በአማርኛ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ይህን ጽፌ ስቆጥረው ልክ 70 ሆነልኝ፦

ድጋፍ፦ አባል/የትዳር ጓደኛ 15,000፣ ልጅ 10,000፣ ወላጅ 6,000፣ ወንድም/እህት/አማት 3,000 ብር።

አባል (ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አዘጋጅ)

የሩብ ዓመቱ ሒሳብ ሰንጠረዥ ሆኖ ይቀጥል በሚለው እስማማለሁ፤ ዓምዱን ወደ ሁለትና ሦስት ማጥበብ ብቻ ነው የሚቻለው። በመልእክቱ ላይ ግን ሐሳብ አለኝ። የስድስት ወሩ ቅድመ ሁኔታ ተትቷል፤ ማስረጃውም የለም። አዲስ አባል ይህን ይዞ መጥቶ 15,000 ይሰጠኝ ቢል የሚያሳየው የእድሩን መልእክት ነው። ወደ ሁለት መልእክት ይስፋ ወይም «ዝርዝሩን ጸሐፊውን ይጠይቁ» ይባል።

ገንዘብ ያዥ

ሁለት መልእክት በሆነ ቁጥር ክፍያው እጥፍ ነው። ስማርት ስልክ የሌላቸው አባላት ደግሞ አብዛኞቹ ነባር ስለሆኑ የስድስት ወሩ ጉዳይ አይመለከታቸውም። ለሥራ አስፈጻሚው ሁለቱም አማራጭ ይቅረብለት።

ጸሐፊ

የቀረቡትን አስተያየቶች ይዤ ረቂቁን እንደሚከተለው አዘጋጅቻለሁ።

በአባላችን ቤተሰብ ሐዘን ሲደርስ እድሩ አንድ ድንኳን፣ 60 ወንበርና የማብሰያ ዕቃ ለሦስት ቀን ይሰጣል። ሟቹ ወንድም፣ እህት ወይም አማት ከሆነ ዕቃው የሚሰጠው ሐዘኑ በአባሉ ቤት ከሆነ ብቻ ነው።

የገንዘብ ድጋፉ ከዚህ በታች ተዘርዝሯል፤ ከገቡ ስድስት ወር ያልሞላቸው አባላት የሚያገኙት ግማሹን ነው።
• አባል ወይም የትዳር ጓደኛ፦ 15,000 ብር
• ልጅ፦ 10,000 ብር
• እናት ወይም አባት፦ 6,000 ብር
• ወንድም፣ እህት ወይም አማት፦ 3,000 ብር፤ የሞት ማስረጃ ይጠየቃል
• በአባሉ ቤት የሚኖር ዘመድ፦ —

አባል (ማተሚያ ቤት የጽሑፍ አዘጋጅ)

ሁለት ነገር ላንሣ። አንደኛው፣ ሰንጠረዡን አይቶ የማያውቅ አንድ ሰው ይህን ረቂቅ ብቻ ይዞ አርባ ዘጠኙን ክፍሎች በወረቀት ላይ መልሶ ይሙላ፤ ከዚያ ከጸደቀው ጋር ይተያይ። የማይሞላ ወይም የተለየ ክፍል ከተገኘ ስናሳጥር የጣልነው ነገር አለ ማለት ነው። እኔ ስሞክረው በአባሉ ቤት በሚኖር ዘመድ ረድፍ የማስረጃው ክፍል አልሞላ አለኝ፤ በሰንጠረዡ ላይ «ይጠየቃል» የሚል አለ፤ በረቂቁ የለም።

ሁለተኛው የዚያው ረድፍ ሰረዝ ነው። ሰረዝ በሰንጠረዥ ውስጥ ክፍሉን ስለሚሞላ ማንም አይጠይቀውም። በመስመር ላይ ሲወጣ ግን ገንዘብ አይሰጥም ማለት ነው ወይስ አልተወሰነም ማለት? የገንዘብ ያዥዋ ቀመርም ቢሆን እዚህ ረድፍ ላይ ሲደርስ «— ብር» ብሎ ነው የሚያወጣው። «ገንዘብ አይሰጥም» ብለን ብንጽፍ እኛ ሕግ አወጣን ማለት ይሆናል።

የንብረት ክፍል ኃላፊ

አሁን ነገሩ ገባኝ። በዚያ ጉባኤ ላይ እኔ ነበርሁ። በአባል ቤት ለሚኖር ዘመድ ድንኳኑና ወንበሩ ይሰጥ በሚለው ሁሉም ተስማማ፤ ገንዘቡ ላይ ግን ክርክር ተነሥቶ ስለመሸ ለሌላ ጊዜ ተባለ። ሰረዙ የተጻፈው በዚያን ጊዜ ነው። በተግባር እስከ ዛሬ ገንዘብ የጠየቀ የለም፤ ድንኳኑን ግን እኔው ራሴ ሳወጣ ቆይቻለሁ።

ወንበሩም ላይ አንድ ነገር ላክል፦ 60 የሚለው የተጻፈው ሁሉም ወንበር ደህና በነበረ ጊዜ ነው። ሁለት ሐዘን በአንድ ሳምንት ከገጠመ ለሁለተኛው ቤት ስድሳ ማድረስ አልችልም። ሰንጠረዡን ያነበበው ጥቂት ሰው ስለነበር እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ በየስልኩ ከገባ በኋላ ግን ስድሳውን ቆጥረው ነው የሚረከቡኝ።

ጸሐፊ

የማስረጃውን ጉድለት አሁኑኑ አርማለሁ። በአባሉ ቤት ለሚኖር ዘመድ የሚሰጠውን ገንዘብ በተመለከተ ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ እመለከታለሁ፤ ጋሼ እንዳሉት ከሆነ መስመሩ «ገንዘቡ በጠቅላላ ጉባኤ አልተወሰነም» ተብሎ ይጻፍና ለሚመጣው ጉባኤ አጀንዳ ይያዝ። ወንበሩን «እስከ 60» ማለት የጸደቀውን መለወጥ ስለሚሆን በራሴ አላደርገውም፤ ከአጭሩ መልእክት ሁለት አማራጮች ጋር ለሥራ አስፈጻሚው በጥያቄ መልክ አቀርበዋለሁ። ሰንጠረዡን አይተው የማያውቁ፣ ክፍሎቹን መልሰው የሚሞሉልን ሁለት አዲስ አባላት እስከ ቅዳሜ እንድትጠቁሙን እጠይቃለሁ።

አባል (ሪያድ)

ታናሽ ወንድሜ በዚህ ወር ነው የተመዘገበው፤ ሰንጠረዡን አላየውም። ወረቀቱን ላኩለት።