«ሊደረግ ይችላል»ን ሳላጠፋ እንዴት ላሳጥር?

ጅማ አካባቢ ላለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የግዢ መመሪያ እያቃናሁ ነው። ትርጉሙን ሳልነካ ቋንቋውን እንዳቀል ነው የተነገረኝ። አንድ አንቀጽ ላይ ተቸክያለሁ፦

«ከአባላት በሚቀርበው እሸት ቡና ላይ ተገቢው የጥራት ፍተሻ የማካሄድ ሥራ እንዲከናወን ተደርጎ፣ መስፈርቱን ሳያሟላ ሲገኝ ተመላሽ እንዲሆን ሊደረግ ይችላል።»

መጀመሪያ እንዲህ ጻፍኩት፦ «መዛኙ እሸት ቡናውን ይፈትሻል፤ መስፈርቱን ካላሟላ ይመልሳል።» ሊቀመንበሩ አልተቀበሉትም። ልክ ናቸው። «ሊደረግ ይችላል» ፈቃድ ነበር፣ እኔ ግዴታ አደረግኩት። መዛኙንም ከራሴ ነው ያመጣሁት።

ቀጥሎ «እሸት ቡናው ይፈተሻል፤ መስፈርቱን ካላሟላ ሊመለስ ይችላል» አልኩ። አጠረ፣ ፈቃዱም ተመለሰ። ግን ማን እንደሚመልስ አሁንም አይታወቅም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለቅሞ ተሸክሞ የመጣ ገበሬ ቡናው ሲመለስበት ማንን ይጠይቅ?

ሌላ አንቀጽ ጥራትን የሚከታተለው የጥራት ኮሚቴው ነው ይላል። ስለ መመለስ ግን ምንም አይልም።

የሕግ ወይም የመመሪያ ጽሑፍ የምታቃኑ፣ ባለቤቱን ከዚያ አንቀጽ ወስጄ «የጥራት ኮሚቴው ሊመልስ ይችላል» ብል ትርጉሙን ማብራራት ነው ወይስ መቀየር?